የዝናብ ጃኬት ላይ ያለው ቁጥር ምን ማለት ነው? 15,000/15,000 ልግዛ ወይስ ጃንጥላ የተሳለበትን 3/1?

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነኝ፣ ስራዬ የቡና ማሳ ክትትል ነው፣ ክረምቱን ሞተር ላይ ነው የማሳልፈው ማለት ይቻላል። ጠዋት ከጅማ ወደ አጋሮ እነዳለሁ፣ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ከዛ ሞተሯን ሰው ቤት አቁሜ አርባ ደቂቃ የሚሆን አቀበት በእግሬ እወጣለሁ። አሁን ያለኝ ጃኬት ውስጡ ላይ ባለው ጨርቅ 8,000 እና 3,000 ይላል። ባለፈው ሳምንት ሐምሌ ዝናቡን አውርዶት ማሳው ጋ ስደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል፣ ሆዴ ድረስ ርሷል። ጃኬቱ አፈሰሰ ብዬ ተናድጄ አዲስ ልገዛ ወጣሁ። መርካቶ አካባቢ አንድ ሱቅ 15,000/15,000 የሚል አዲስ ጃኬት በ6,800 ብር አለ። ሰልባጅ ተራ ደግሞ ቢጫ፣ ወፍራም፣ የሰራተኛ የሚመስል ጃኬት አየሁ፣ ውስጡ ትንሽ ጃንጥላ ተስላ ከጎኗ 3 ከስሯ 1 ተጽፏል፣ 1,900 ብር። 3 እና 1 ከ15,000 ጋር እንዴት ነው የሚወዳደረው? ሻጩም አያውቅም። የገባችሁ ካላችሁ አስረዱኝ።

(ይሄን የጨመርኩት በኋላ ነው። መልሱ ስለበዛ አዲስ የሚመጣ ሰው እንዳይሰለች የተባለውን በራሴ አነጋገር በቁጥር አስቀምጬዋለሁ። የተሰዳደባችሁትን አለስልሼዋለሁ፣ ቅር እንዳትሰኙ።)

1. መጀመሪያ የመለሰልኝ የፈረንጅ አራዳ ልጅ ነው። በጣም ጨዋ ሰው፣ ለስራዬ መልካም ተመኝቶ ጀመረ። ሀሳቡ አጭር ነው፦ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ጃኬቱ ይሻላል፣ 15,000ውን ግዛ፣ ርካሽ ነገር ሁለቴ ያስወጣል። ግማሹ ልክ እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ።

2. ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ገንዘብህን አታባክን ባይ ነው። ሒሳብ ሰራልኝ። ጅማ በዓመት የሚዘንበው 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ጃኬትህ 8,000 ሚሊ ሜትር ይችላል፣ ስለዚህ ያለህ ጃኬት የአምስት ዓመት ዝናብ ባንዴ ቢወርድብህ ይችለዋል፣ 15,000 የሚሸጡልህ ሰዎች እያታለሉህ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ለአስር ደቂቃ አመንኩት፣ ሒሳቡ ያምራል እኮ።

3. እዚህ ጋ ነው ሸማኔዋ የምትባለዋ የገባችው። ባህር ዳር ቴክስታይል ተምራ ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ የሰራች ናት። ቁጥር 2ን በትህትና ነው ያረመችው፣ መጀመሪያ ላይ። ሚሊ ሜትሩ የዝናብ መጠን ሳይሆን የውሃ ቁመት ነው አለች። ጨርቁን የመፈተኛው ዕቃ አፍ ላይ ወጥረው ያስሩትና ውሃ እየገፋው ግፊቱን ቀስ እያሉ ይጨምራሉ፣ በሌላኛው በኩል ሦስት ቦታ ጠብታ ብቅ ሲል ያቆማሉ፣ ያኔ የነበረው ግፊት ምን ያህል ከፍታ ካለው የውሃ ዓምድ ጋር እኩል ነው የሚለውን ይጽፋሉ። 8,000 ማለት ስምንት ሜትር ቁመት ያለው የውሃ ቱቦ ጨርቁ ላይ ቢቆም እስከዛ ድረስ ችሏል ማለት ነው። ሰማይ ላይ ስንት ሚሊ ወረደ ከሚለው ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

ደግሞ አንድ ነገር ጨመረች፣ ለኔ ይሄ ነው ዋናው። የሚፈተነው ቁራጭ ጨርቅ ነው፣ ስፌት የለበትም፣ ዚፕ የለበትም፣ ኪስ የለበትም። መርፌ የገባበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ጃኬት ስትገዛ ቁጥሩን ከማየትህ በፊት ገልብጠህ ስፌቱ ላይ ፕላስቲክ ሪባን የመሰለ ነገር በሙቀት ተለጥፎ እንደሆነ እይ፣ አንዳንዱ ትከሻና ኮፍያው ላይ ብቻ ለጥፎ ብብቱንና ጎኑን ይተወዋል፣ 20,000 ቢጻፍበትም በብብት ይገባል።

4. ቁጥር 2 አልተዋጠለትም። የውሃ ዓምድ ምናምን የላብራቶሪ ወሬ ነው፣ እኔ ጅማ ተወልጄ ያደግኩ ዝናብ አውቃለሁ ብሎ መለሰ። ሸማኔዋ ዝናብ ማወቅና ግፊት ማወቅ ይለያያል አለችው፣ እሱም ተማርን የሚሉ ሰዎች ስለሚባል ነገር ረዘም ያለ ጻፈ፣ ያንን አልደግመውም።

5. አንዱ ጥያቄዬን ሳያነብ ነው የገባው። ስልኩ ላይ 68 የሚል ቁጥር እንዳለ፣ ውሃ ውስጥ አይገባም ተብሎ ገዝቶት ከቦዬ ሐይቅ ዳር ፎቶ ሲያነሳ ወድቆበት እንደሞተ ነገረን። የሱ ቁጥርና የኔ ቁጥር አንድ ናቸው ወይ ነው የሚለው። አይደሉም። ግን አዘንኩለት።

6. ሄልሜቱ የሚል ስም ያለው፣ መንገድ ስራ ላይ ሴፍቲ የሆነ ሰው ስለ 3/1 የመለሰልኝ እሱ ነው። ጃንጥላዋ የአውሮፓ የስራ ልብስ ምልክት ናት፣ ከስሯ ወይ ከጎኗ ኢኤን 343 የሚል ይኖራል አለ። ሄጄ አየሁት፣ አለ። ከሁለቱ ቁጥር የላይኛው ውሃ መከላከሉ ነው፣ የታችኛው ላብ ማስወጣቱ። 3 ማለት ሦስት ሚሊ ሜትር አይደለም፣ ደረጃ ነው።

አሁን የገረመኝ ምን መሰላችሁ፣ ደረጃ 3 በግፊት ሲለካ 13,000 ፓስካል ነው፣ በውሃ ዓምድ ብትቀይረው 1.3 ሜትር፣ ማለትም 1,300 ሚሊ ብቻ። ከ15,000 ጋር ስታስተያየው የቀልድ ይመስላል። ሄልሜቱ ግን ልዩነቱ አፈታተኑ ላይ ነው አለ። የስራ ልብሱ ጨርቅ መጀመሪያ ይታሻል፣ ደጋግሞ ይታጠፋል፣ ነዳጅና ዘይት ይነካዋል፣ ከዛ በኋላ ነው 13,000ውን እንዲችል የሚጠበቀው። ስፌቱም ለብቻው ይፈተናል። የሱቁ 15,000 ግን ብዙ ጊዜ ገና ከጥቅል የወጣ አዲስ ጨርቅ ላይ የተለካ ነው፣ አንድ ክረምት ሞተር ላይ ቦርሳ ታዝሎበት ስንት እንደሚቀረው ማንም አይጽፍልህም።

ታችኛዋ 1 ነች መጥፎዋ ዜና። ከሁሉ ዝቅተኛው ደረጃ ነው፣ ላብ አያስወጣም ማለት ይቻላል። እነሱ ራሳቸው ለዚህ ደረጃ የመልበሻ ሰዓት ገደብ አውጥተዋል፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ከሆነ 60 ደቂቃ፣ 20 ከሆነ 75 ደቂቃ። አምስት ዲግሪ ላይ ገደብ የለውም፣ ግን ጅማ አምስት ዲግሪ ከየት ይመጣል።

7. እዚህ ላይ አንድ ዝም ብሎ የሚያነብ የነበረ ሰው አንዲት መስመር ጽፎ ሄደ። ከ343 ቀጥሎ ያለውን ዓመት ተመልከት፣ በፈረንጆች 2019 አራተኛ ደረጃ ስለተጨመረ የድሮው 3 የጣራው ነው፣ የአዲሱ 3 ግን አይደለም። የኔው ላይ 2003 ይላል። ሄልሜቱ ትክክል ነህ ብሎ አመሰገነው፣ ይሄ ክር ላይ ሰው ሳይጣላ የታረመበት ብቸኛው ቦታ ነው።

8. ከዛ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ መጣና ሁላችሁም አትጨነቁ አለ። ላስቲክ ልብስ ግዛ፣ 400 ብር፣ ውሃ ዘላለም አያስገባም፣ ምን ቁጥር ያስፈልጋል። ሞተር ላይ ስትቀመጥ አታልብም፣ ላቡ የሚመጣው ከወረድክ በኋላ ነው፣ ስትወርድ አውልቀው። ሦስት አራት ሰው ተስማማለት። ከዛ ወሬው ወደ ባጃጅ የጎን ሸራ ሄደ፣ ከዛ ወደ ቤንዚን ሰልፍ፣ ከዛ ከአጂፕ ወደ ኮቺ የሚወስደው መንገድ ጉድጓድ። ወደ ሃያ ገደማ መልስ በዛው ቀለጠ፣ ዘልዬዋለሁ። ልጁ ያለው ነገር ግን ተራ አልነበረም፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

9. ሸማኔዋ ተመልሳ ስለ ሁለተኛው ቁጥር ጻፈች፣ ረጅም ነው፣ እኔ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 15,000 ግራም ማለት አንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ በ24 ሰዓት ያን ያህል የውሃ እንፋሎት አሳለፈ ማለት ነው። ጥያቄው እንዴት ተለካ ነው። አንዱ ላብራቶሪ ኩባያ ውስጥ ውሃ ያደርግና ጨርቁን አፉ ላይ ከድኖ ያስቀምጣል፣ ውሃውና ጨርቁ መሃል አየር አለ፣ እንፋሎቱ ያን አየር አልፎ ነው የሚወጣው፣ ቁጥሩ ትንሽ ይሆናል። ሌላው ኩባያውን ገልብጦ ጨርቁን እርጥበት ከሚመጥ ጨው ጋር ያገናኘዋል፣ ጨው ይስበዋል፣ ቁጥሩ ይፈነዳል። ያው አንድ ጨርቅ በአንዱ ከሌላው ሁለት ሦስት እጥፍ ሊያወጣ ይችላል። ሻጭ ደግሞ የትኛውን እንደሚጽፍ መገመት ቀላል ነው። ስለዚህ ቁጥሩ አጠገብ የፈተናው ስም ከሌለ የአንዱን 10,000 ከሌላው 15,000 ጋር ማወዳደር በብርና በዶላር የተጻፈ ዋጋ ማወዳደር ነው አለች።

የሚሻለው ሬት የሚባለው ነው ብላለች፣ እንፋሎቱ ለመውጣት ስንት እንደሚቸገር የሚለካ ነው፣ 35 ዲግሪ የሞቀ፣ ላብ እንደሚያልብ ቆዳ የሚረጥብ ሳህን ላይ ጨርቁን አድርገው ነው የሚለኩት። ይሄ ቁጥር ተገላቢጦሽ ነው፣ ሲያንስ ነው ጥሩ። ከ6 በታች በጣም ጥሩ፣ እስከ 13 ጥሩ፣ ከ20 በላይ ከሆነ ደካማ ይባላል። ያ የሄልሜቱ ደረጃ 1 ከ40 በላይ ነው። ሬት መራራ ስለሆነ ብዛቱን አትፈልገውም ብለህ ያዘው አለችኝ፣ እስካሁን አልረሳሁትም።

10. ከሊሙ የጻፈ አንድ ገበሬ የራሱን ነገር ይዞ መጣ። ከአምስት ዓመት በፊት የገዛው ጃኬት ቁም ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ ከርሞ ሲያወጣው ውስጡ እንደ እባብ ቆዳ ተልጦ፣ እጅ ላይ እየተጣበቀ፣ ሽንት ሽንት ይሸታል። ማን እንደዚህ አደረገው፣ አይጥ ነው ወይ ነው የሚለው። ሸማኔዋ አይጥ አይደለም፣ ከውስጥ የተቀባው ፕላስቲክ መሰል ነገር እርጥበት ሲበላው እንደዚህ ይሆናል አለችው፣ ጅማና ሊሙ ላይ ዕቃ አጣጥፎ ዝግ ቦታ ማስቀመጥ ያፋጥነዋል፣ ተሰቅሎ አየር ቢያገኝ ይሻላል። አይመለስም ወይ አላት፣ አይመለስም አለችው።

11. ይሄን ያነበበ ሰልባጅ ነጋዴ ተቆጣ። የሐሙስ ገበያው ይባላል። ሰልባጅ ሁሉ ተልጧል እያላችሁ ሰው ታሸሻላችሁ ነው የሚለው፣ ማንም እንደዛ ያለ ሰው አልነበረም ግን ተቆጣ። ቁጥር 1 ደግሞ እሳቱ ላይ ቤንዚን ጨመረ፣ ሰልባጅ የሰው ላብ ነው አለ። ነጋዴው ያንተ የሱቅ ጃኬት ላይ ያለውን ቁጥር ማን እንደጻፈው ታውቃለህ ወይ፣ እኔ ቁጥር የሌለበትን ዕቃ ቁጥር አለው ብዬ አልሸጥም አለው። ሦስት አራት ዙር ተባባሉ። ሲበርድለት ግን ከሁላችንም የሚጠቅም ነገር የነገረን እሱ ነው። ሰልባጅ ስትገዛ ገልብጠህ ብብቱንና የአንገቱን ውስጥ በአውራ ጣትህ እሸው፣ ዱቄት ወይ ቅርፊት ከወጣ ተወው። አፍንጫህን አስገብተህ አሽት። የስፌቱን ሪባን ጫፍ በጥፍርህ ሞክር፣ ከተነሳ አልቋል። መጨረሻ ላይ ከሃይላንድህ ውሃ ትከሻው ላይ ጠብ አድርግ፣ እንደ ጎደሬ ቅጠል ካንከባለለው ገና አለ ማለት ነው።

12. ስለ ጎደሬ ቅጠሉ አንዲት እናት ጠየቀች። የልጇን ጃኬት በዱቄት ሳሙና ዘፍዝፋ፣ ልብስ ማለስለሻ ጨምራ ስታጥበው ከዛ ወዲህ ውጪው ውሃ ይጠጣል፣ ልጁ በረደኝ ይላል፣ አፈሰሰ እንዴ ነው ጥያቄዋ። ሸማኔዋ እህቴ አላፈሰሰም ይሆናል አለቻት። ውጪው ጨርቅ ላይ ውሃ የሚያንከባልል ነገር ተቀብቷል፣ ማለስለሻውና የቀረው ሳሙና ሸፍኖታል። ውጪው ሲርስ ውስጥ ያለው ሽፋን ውሃ ላያስገባ ይችላል፣ ግን ከውስጥ ያለው እንፋሎት መውጫ አጣ፣ ጨርቁም ቀዝቅዞ ሰውነት ላይ ይለጠፋል፣ ሰው ያፈሰሰ ይመስለዋል። በንጹህ ውሃ ደጋግመሽ አለቅልቂው፣ ሲደርቅ ላዩ ላይ ቀጭን ጨርቅ አድርገሽ ካውያውን በትንሹ ሙቀት፣ እንፋሎት ሳይለቅ እለፊበት። የልብሱ ምልክት ላይ ካውያ የተሰረዘበት ከሆነ ግን ተይው። ከሁለት ቀን በኋላ ውሃው ትከሻው ላይ መንከባለል ጀመረ፣ ጀርባው ላይ ግን አሁንም ይጠጣል ብላ ጻፈች።

13. ይሄኛው የኔው ነው። ሸማኔዋ ሳትገዛ በፊት ያለህ ጃኬት አፍስሶ ይሁን አንተ አልበህ ይሁን ለይ አለችኝ። የሚፈስ ከሆነ እርጥበቱ መስመር ይዞ ይመጣል፣ ስፌት፣ ዚፕ፣ አንገት፣ እጅጌ ጫፍ። ላብ ከሆነ ግን ጀርባና ሆድ ላይ እኩል ተዘርግቶ ነው። የኔ ጀርባና ሆድ ነበር፣ ትከሻዬ ደረቅ ነበር፣ አሁን ነው ያስተዋልኩት።

መጀመሪያ እጅጌውን ጫፉ ጋ በገመድ አስሬ ውሃ ሞላሁበትና በር ላይ ሰቀልኩት፣ ስሩ ሶፍት አነጠፍኩ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። ጨርቁ አንዲት ጠብታ አላወጣም። ክርን አካባቢ ሪባኑ ሁለት ጣት ያህል ተነስቷል፣ እዛ ጋ ብቻ ቀስ እያለ ጠብ ጠብ አለ። ደስ ብሎኝ ጃኬቴ 8,000 ይችላል ብዬ ለጠፍኩ። ሸማኔዋ ሳቀችብኝ። ውሃው እጅጌው ውስጥ 40 ሳንቲ ሜትር ቁመት ነበረው፣ ያ ማለት 400 ሚሊ ግፊት ነው፣ 8,000ውን አላረጋገጥክም። ቤት ውስጥ በዚህ መንገድ የሚገኘው የተበላሸውን መለየት ብቻ ነው፣ ጥሩው ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ አይናገርም። እሺ።

ሁለተኛውን እሁድ ሞከርኩት፣ ዝናብ ባልነበረበት ጠዋት። ሸሚዜን ጎረቤታችን ባለሱቅ ቅመም በምትመዝንበት ሚዛን መዘንኩት፣ 240 ግራም። ጃኬቱን እስከ አንገቴ ዘግቼ ወደ ጂሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግስት በሚወስደው አቀበት አርባ ደቂቃ ሄድኩ። ልጆች ፀሐይ ላይ የዝናብ ልብስ ለበሰ ብለው ተከተሉኝ። ስወርድ ሸሚዜን በፌስታል አስሬ ይዤ መጣሁ፣ 410 ግራም። አንድም ጠብታ ሳይዘንብ 170 ግራም ውሃ። ባለሱቋ ከዛ በኋላ ሚዛኑን በአልኮል ጠረገችው።

14. ሸማኔዋ ቁጥሩን ይዛ ሒሳቡን ሰራችው። የኔ ጃኬት 3,000 ግራም በቀን ነው፣ በሰዓት 125፣ በአርባ ደቂቃ 83 ግራም በካሬ ሜትር፣ ያውም ላብራቶሪው ባመቻቸለት ሁኔታ። ሸሚዜ ላይ ብቻ የቀረው 170 ነው፣ ሱሪዬና ጃኬቱ የውስጥ ገጽ ላይ የቀረው ሳይቆጠር። ስለዚህ መውጫው ከገቢው ያንሳል። ታዲያ 15,000ው ይፈታዋል ወይ ስላት በወረቀት በሰዓት 625 ይሆናል፣ ግን አትመነው አለችኝ። እንፋሎት የሚወጣው ውስጡ ከውጪ ይልቅ ሲሞላ ነው። ጨው እንደሚመጠው አይነት ደረቅ ነገር ውጪ የለም፣ ሐምሌ ላይ ጅማ ሲዘንብ ውጪው አየር ራሱ ጠግቧል፣ የሚገፋው ልዩነት ያንሳል። እዚህ አገር በጣም ጥሩ ጃኬት እንኳን አቀበት ላይ ጃኬት ያልለበሰ ሰው ያህል ከላብ አያደርቅህም። ብብት ስር ዚፕ ያለው ወይም ጀርባው ላይ ክፍት ሽፋን ያለው ፈልግ፣ ቀዳዳ ከቁጥር ይበልጣል፣ ከስሩም ጥጥ ሸሚዝ አትልበስ፣ ውሃ ይይዛል።

15. የባጃጁ ልጅ እዚህ ጋ ተመልሶ መጣና እኔ ምን አልኳችሁ አለ። አቀበቱ ላይ አውልቀው፣ ሞተሩ ላይ ልበሰው። ሄልሜቱ ተቃወመው፣ ዝናብ ላይ ማውለቅ ምን ማለት ነው፣ ያኔ በላብ ፋንታ በዝናብ ራሰ። ልጁ በላብ ከመራስ በዝናብ መራስ ይሻላል አለ። ቁጥር 2ም የረሳነው መስሎን ሳለ ብቅ ብሎ የኔ ሒሳብ ልክ ነበር፣ 8,000ው በቅቶታል እኮ ጃኬቱ አላፈሰሰም አለ። በውጤት ደረጃ ልክ ነው፣ በምክንያት ደረጃ አይደለም፣ ሸማኔዋ ግን ከዛ በኋላ ለሱ አልመለሰችም። ሞተር ላይ በፍጥነት የሚመታ ጠብታ ከእግረኛው በላይ ቁጥር ይፈልጋል ወይ የሚለው ላይ ሄልሜቱ አዎ ይላል፣ ሌሎች ችግሩ ሁልጊዜ አንገትና ዚፕ ነው ይላሉ፣ አልተስማሙም።

16. እኔ ምን እንዳደረግኩ ለጠየቃችሁ፦ የሱቁን 15,000 ገልብጬ አየሁት፣ ሪባኑ ትከሻና ኮፍያ ላይ ብቻ ነው፣ የፈተና ስም የትም የለም፣ ብብት ላይ ዚፕ የለውም። ተውኩት። ቢጫውን 3/1 ሐሙስ ገበያ ነጋዴው ጋ ሄጄ በአውራ ጣት አሽቼ፣ አሽትቼ በ1,700 ብር ገዛሁ፣ ከፊት ዚፑ ላይ የውሃ መከላከያ ሽፋን አለው። ለሞተር ብቻ ነው። የድሮውን ክርኑን አስለጥፌ አቀበቱ ላይ ዚፑን ከፍቼ እለብሰዋለሁ። አርብ ዕለት ዘነበ፣ አጋሮ ስደርስ ትከሻዬና ደረቴ ደረቅ ነበር። ከላይ ስመለስ ጀርባዬ እርጥብ ነበር፣ ግን ከበፊቱ ያነሰ። አልመዘንኩትም፣ ባለሱቋ ሚዛኗን አትሰጠኝም።

17. መጨረሻ ላይ አንዱ ሱሪስ አለ። ሞተር ወንበር ላይ ውሃ ይቋጥራል፣ እዛ ላይ ነው የምትቀመጠው። ሸማኔዋ እውነትም ትልቁ ቁጥር የሚያስፈልገው እዛ ነው አለች፣ 60 ኪሎ ሰው በጉልበቱ ቢንበረከክና 60 ካሬ ሳንቲ ሜትር ብቻ መሬት ቢነካ ግፊቱ 10,000 ሚሊ ይደርሳል፣ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ሰፊ ስለሚሆን ከዛ በጣም ያንሳል፣ ግን ውሃው አይሄድም፣ ሰዓቱን ሙሉ ከስርህ ነው። 2,000 የሚል ሱሪ ይበቃል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። እስካሁን አልመለሰችም። የስልኩ ሰውዬ ግን ስልኩን ሩዝ ውስጥ ከቶት አንድ ሳምንት ሆኖታል፣ እስካሁን አልበራም።